ከጥግ ጋር የሚታገለው ጠላት

ጌም የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ጠላት ከኋላ እያሳደደ ይመጣል፤ ተጫዋቹ ቤቱን ዞሮ ይሸሸጋል፤ ጥቂት ቆይቶ ብቅ ብሎ ሲያይ አሳዳጁ ግድግዳው ጥግ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። እግሮቹ ይሮጣሉ፣ እጆቹ ይወዛወዛሉ፣ ሰውነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ተጫዋቹ ስቆ ይተኩስበታል። ጌሙን የሠራው ሰው ግን አይስቅም፤ ምክንያቱም ይህ ችግር በሙከራ ጊዜ አንዴ ይታይና አንዴ ይጠፋል፣ አንዱ ጥግ ላይ ሲስተካከልም ሌላው ጥግ ላይ ብቅ ይላል።

ጀማሪ የጌም ሠሪ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መንገድ ፈላጊውን ነው። «ጠላቴ መንገዱን አላገኘውም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ ጥርጣሬ ስህተት ነው። የተገኘውን መንገድ መስመር አድርጎ ስክሪኑ ላይ ቢያወጣው፣ መስመሩ ጥጉን በሥርዓት ዞሮ በቀጥታ ወደ ተጫዋቹ ሲሄድ ያየዋል። መንገዱ ልክ ነው። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለትም መንገዱን የመከተሉ ሥራ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት መንገዱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል።

ጌም ውስጥ ያለ ጠላት ዓይን የለውም። ግድግዳውን አይቶ አይሸሽም። የሚመራው ናቭሜሽ በሚባል ካርታ ነው። ናቭሜሽ በጌሙ ዓለም ወለል ላይ የተዘረጋ፣ ለተጫዋቹ የማይታይ ካርታ ሲሆን፣ ሊረገጥ የሚችለውን ቦታ ሁሉ እርስ በርሳቸው በተያያዙ ጎነ ብዙ ቅርጾች ይሸፍነዋል። ዛሬ በብዙ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች ውስጥ ይህን ካርታ የሚያዘጋጀው ሪካስት የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ፊንላንዳዊው ሚኮ ሞኖነን በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለማንም ክፍት አድርጎ አወጣው። አንሪልም ጎዶትም በእሱ ይጠቀማሉ።

ሪካስት ካርታውን ሲሠራ ዓለሙን በትናንሽ ሴሎች ይከፋፍልና የትኛው ሴል ላይ መቆም እንደሚቻል ይለያል። ከዚያ አንድ ብልህ ነገር ያደርጋል። ከየግድግዳው ሥር የተወሰነ ስፋት ያለው ጠርዝ ቆርጦ ይጥላል። የሚቆርጠው ስፋት ከጠላቱ ግማሽ ወርድ ጋር እኩል ነው። ጠላቱ ከመሐሉ እስከ ትከሻው ግማሽ ሜትር ከሆነ፣ ካርታው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቆ ይጀምራል። ይህ ዘዴ ከጌም በፊት ለሮቦት የታሰበ ነው። ቶማስ ሎዛኖ ፔሬዝና ማይክል ዌስሊ በ1979 ባወጡት ጽሑፍ፣ ወርድ ያለውን አካል በእንቅፋቶች መካከል ለመምራት አካሉን ወደ ነጥብ ማሳነስ፣ እንቅፋቶቹን ደግሞ በዚያው ልክ ማሳደግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ነጥብ ትከሻ ስለሌለው ማንኛውም የካርታ መስመር ላይ ሊሄድ ይችላል፤ ሒሳቡም ይቀላል።

ይህን ማስታወስ ይገባል፤ የኋላው ችግር ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። መንገድ ፈላጊው የሚያውቀው ነጥብን ነው። ጥግ ላይ የሚቀረው ግን ትከሻ ያለው አካል ነው።

ካርታው ከተዘጋጀ በኋላ ጠላት ተጫዋቹ ጋር መድረስ ሲፈልግ ሁለት ሥራ ይሠራል። በመጀመሪያ የትኞቹን ቅርጾች አልፎ እንደሚሄድ ይመረጣል። ይህን የሚመርጠው ኤ ስታር የሚባለው ስሌት ነው፤ በ1968 ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰንና በርትራም ራፋኤል ያወጡት ሲሆን፣ መነሻቸው ሼኪ የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ሮቦት መንገድ ማስያዝ ነበር። ቀጥሎ በተመረጡት ቅርጾች ውስጥ አጭሩ መስመር ይሰመራል። ባለሙያዎቹ ይህን ሁለተኛውን ሥራ ገመድ መወጠር ይሉታል፤ አባባሉም ነገሩን በደንብ ይገልጸዋል። ከጠላቱ እስከ ተጫዋቹ ገመድ ዘርግቶ ከሁለቱም ጫፍ እንደመሳብ ነው። ገመዱ በየጥጉ ይለጠጣል፣ በጥጎቹ መካከል ቀጥ ይላል። ስለዚህ የሚወጣው መንገድ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም ነጥብ የካርታው ጥግ ላይ በትክክል ያርፋል። ጥጉን ለቀቅ አድርጎ የሚያልፍ ሳይሆን አጥብቆ የሚታከክ መንገድ ነው። አጭር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህን ነጥቦች ማለፊያ ነጥብ እንበላቸው። ጠላቱ ወደ መጀመሪያው ማለፊያ ነጥብ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፤ ሲደርስ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ሲደርስ» የምትለዋ ቃል ቁጥር ያስፈልጋታል። ጠላት በሴኮንድ 60 ጊዜ እየዘለለ ስለሚንቀሳቀስ ነጥቡ ላይ በልኩ አያርፍም። ስለዚህ «ከነጥቡ ይህን ያህል ከቀረበ እንደደረሰ ይቆጠር» የሚል ርቀት ይሰጠዋል። ጠላቱን ጥግ ላይ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ርቀት ነው።

ነገሩን በአንድ እውነተኛ መሣሪያ ላይ እንየው። ጎዶት ነፃ የጌም መሥሪያ ነው፤ ማንም አውርዶ ሊጠቀምበት ስለሚችል ለምሳሌ ይመቻል። በጎዶት 4 ባለሦስት አቅጣጫ ጌም ስንጀምር፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ሦስት ቁጥሮች ተሞልተው ይጠብቃሉ። ናቭሜሹ ከግድግዳ የሚቆርጠው ስፋት 0.5 ሜትር ነው። የጠላቱ አካል የሚሆነው ካፕሱል፣ ማለትም ላይና ታቹ የተድቦለቦለ ቋሚ በርሜል መሰል ቅርጽ፣ ከመሐል እስከ ጎኑ 0.5 ሜትር ነው። `path_desired_distance` የሚባለው «እንደደረሰ ይቆጠር» ርቀት ደግሞ 1.0 ሜትር ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው ምንም አይሉም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይስማሙም።

ጠላቱን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ በአብዛኛው ይህን ይመስላል፦

```gdscript
func _physics_process(delta):
    if agent.is_navigation_finished():
        return
    var next = agent.get_next_path_position()
    var dir = next - global_position
    dir.y = 0
    velocity = dir.normalized() * 4.0
    move_and_slide()
```

የሚለው ይህንኑ ነው፦ ቀጣዩን ማለፊያ ነጥብ ጠይቅ፣ ፊትህን ወደዚያ አዙር፣ በሴኮንድ 4 ሜትር ፍጥነት ሂድ፤ ከግድግዳ ጋር ከተጋጨህ በግድግዳው ላይ ተንሸራተት።

አሁን አንድ ቤት እናስብ። የቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄድና ጫፉ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ጠላቱ በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። ተጫዋቹ ጥጉን አልፎ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል በስተደቡብ ቆሟል። ገመዱ ሲወጠር አንድ ማለፊያ ነጥብ ጥጉ አጠገብ ይወድቃል፤ ለስሌት እንዲመቸን ከሰሜኑ ግድግዳ 0.5 ሜትር፣ ከምሥራቁ ግድግዳም 0.5 ሜትር የራቀ ይሁን። ቀጣዩ ነጥብ፣ ተጫዋቹ ያለበት፣ ከዚያ 6.5 ሜትር ወደ ደቡብ ነው።

ጠላቱ ወደ ማለፊያው ነጥብ ሲጠጋ 1 ሜትር ሲቀረው «ደርሰሃል» ይባላል። ግን የት ነው ያለው? ከነጥቡ 1 ሜትር ወደ ምዕራብ ማለት፣ ከግድግዳው ጫፍ ገና ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ማለት ነው። ጥጉን አላለፈም። ፊት ለፊቱ፣ በስተደቡብ፣ ግድግዳ ተገትሯል። እሱ ግን እንደደረሰ ስለተነገረው ፊቱን ወደ ቀጣዩ ነጥብ ያዞራል፤ ያ ነጥብ ደግሞ ከእሱ 1 ሜትር ወደ ምሥራቅና 6.5 ሜትር ወደ ደቡብ ነው። ማለትም ከሞላ ጎደል በቀጥታ ወደ ግድግዳው። ሙሉ ጉልበቱን ግድግዳው ላይ ያፈሳል።

ግድግዳው ወደ ደቡብ የሚሄደውን ፍጥነት ሁሉ ይበላዋል። የሚተርፈው ወደ ምሥራቅ የምታንሸራትተው ጥቂት ፍጥነት ብቻ ናት። በሴኮንድ 4 ሜትር ከነበረው የምትተርፈው 0.6 ሜትር ገደማ ናት፤ ወደ ጥጉ በቀረበ ቁጥር አቅጣጫው ይበልጥ ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል እሷም እየሳሳች ጫፉ ላይ ሲደርስ 0.3 ትሆናለች። በሩጫ አንድ ስምንተኛ ሴኮንድ የሚፈጅ ግማሽ ሜትር ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይወስዳል። ተጫዋቹ የሚያየው ይህን ነው፤ እግሩ የሚሮጥ፣ ሰውነቱ የሚሳብ ጠላት። ቀጣዩ ነጥብ ይበልጥ ሩቅ ከሆነ መጎተቱ ይብሳል። ረጅም ኮሪደር ያለው ቦታ ላይ ችግሩ የሚጎላው፣ አጭር ክፍል ውስጥ ደግሞ የማይታየው ለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርነው የተሻለውን ዕድል ነው። ጎዶት ውስጥ አካልን የማንቀሳቀሻ ሁለት ዓይነት ዘይቤ አለ። መሬት የሚረግጥና የሚንሳፈፍ። የሚንሳፈፈው ዘይቤ ለድሮንና ለመንፈስ ዓይነት ጠላት ይመረጣል፤ እሱም `wall_min_slide_angle` የሚባል 15 ዲግሪ ገደብ አለው። አካሉ ግድግዳውን የመታው ከ15 ዲግሪ ባነሰ ማዘንበል ከሆነ ጭራሽ እንዳይንሸራተት ይከለክለዋል። በእኛ ምሳሌ ማዘንበሉ 9 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚንሳፈፈው ጠላት ጥጉ ላይ ሳይዘገይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሌላ ነገር ካልገፋው እስከ ጌሙ መጨረሻ እዚያው ነው።

የከፋው ደግሞ ቀጭን ግድግዳ ላይ ይመጣል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተሠራ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አጥር እንውሰድ። ጠላቱ በሰሜኑ በኩል ነው፤ ተጫዋቹ በደቡቡ በኩል፣ ከአጥሩ ጫፍ 4 ሜትር ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ አጥሩን ተጠግቷል። መንገዱ የአጥሩን ጫፍ በሁለት ማለፊያ ነጥቦች ይዞራል። አንዱ ከጫፉ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ሌላው በስተደቡብ ምሥራቅ ነው፤ በመካከላቸው 1.2 ሜትር አለ። አሁን ጌም ሠሪው ጠላቱ ሲርበተበት አይቶ የመድረሻ ርቀቱን ከ1.0 ወደ 1.5 ከፍ አድርጎታል እንበል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ርቀቱን ማስፋት ይቅር ባይነት ይመስላል።

ጠላቱ የመጀመሪያውን ነጥብ ገና አጥሩ ሳያልቅ «ደረሰው»። ወደ ሁለተኛው ፊቱን አዙሮ በአጥሩ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ከጫፉ 40 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ግን ከሁለተኛው ነጥብ ያለው ርቀት በትክክል 1.5 ሜትር ይሆናል። ርቀቱ የሚለካው አጥሩን ሰንጥቆ ነው፤ ለቁጥሩ አጥር የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛውም «ተደረሰ»። ቀሪው ነጥብ ተጫዋቹ ራሱ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ። ስለዚህ ጠላቱ ጫፉን ሊዞር ሁለት እርምጃ ሲቀረው ወደ ኋላው ይመለስና በሰሜኑ በኩል እየተንሸራተተ ሄዶ ከተጫዋቹ ትይዩ ይቆማል። አጥሩን ይገፋል። መካከላቸው 1.2 ሜትር ነው።

ጎዶት እንዲህ ለጠፋ ጠላት መፍትሔ አላዘጋጀም ማለት አይደለም። ጠላት ከመንገዱ ሲርቅ መንገዱ እንደገና እንዲሰላ የሚያደርግ `path_max_distance` የሚባል ቁጥር አለ። ልኩ ግን 5 ሜትር ነው። ጠላታችን ከመስመሩ የራቀው 1.2 ሜትር ብቻ ስለሆነ በዚህ ቁጥር ዓይን ምንም አልጠፋም። ሠሪው በራሱ ኮድ መንገዱ በየጊዜው እንዲሰላ ካደረገ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ይመጣል። አዲሱ መንገድ ጠላቱን እንደገና ወደ አጥሩ ጫፍ ይልከዋል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ሁለቱንም ነጥቦች ይዘልና ይመለሳል፤ እንደገና ይሰላል፤ እንደገና ይሄዳል። ዘብ የሚጠብቅ ይመስላል። ይህን አይተው ጠላቱ በብልሃት እያደባ ነው ብለው የሚያደንቁ ተጫዋቾች አይጠፉም።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። የመድረሻው ርቀት ናቭሜሹ ከግድግዳ ከቆረጠው ስፋት ማነስ አለበት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ርቀቱ ከ0.5 ካነሰ፣ ጠላቱ ፊቱን በሚያዞርበት ቅጽበት የአካሉ መሐል የግድግዳውን ጫፍ አልፏል። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ቢነካ እንኳ የሚነካው በተድቦለቦለ ጎኑ ነው፤ የጥጉ ሹል ጫፍ ካፕሱሉን ወደ ውጭ እየገፋ ያሳልፈዋል። ርቀቱ ከ0.5 ከበለጠ ግን መሐሉ ገና ከግድግዳው ፊት ለፊት ነው፤ ጠፍጣፋ ግድግዳ ደግሞ ወደ ጎን አይገፋም። በጎዶት ሳይነኩ የሚገኙት ቁጥሮች 1.0 እና 0.5 ናቸው። ማለትም ደንቡን ገና ከመነሻው ይጥሳሉ። እኔ ይህን ጥፋት ነው እላለሁ፤ ሰፊ ርቀት ለጀማሪ እንዲቀል ታስቦ ቢሆንም፣ ጀማሪው የሚያጋጥመውን የመጀመሪያ ጥግ አያሳልፍም።

ስለዚህ ለምሳሌአችን፦

```gdscript
agent.path_desired_distance = 0.3
agent.target_desired_distance = 1.0
```

በተጨማሪ የካፕሱሉን ጎን ከ0.5 ወደ 0.4 ማሳነስ ይጠቅማል። ምክንያቱም ገመዱ ጥጉን አጥብቆ ስለሚታከክ፣ አካሉና የተቆረጠው ስፋት እኩል ከሆኑ ጠላቱ ግድግዳውን እየፋቀ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ካርታው እንደ ምላጭ የተሳለ አይደለም። ሪካስት የካርታውን ጠርዝ ጥቂት ጎኖች እንዲኖሩት ሲል ያቃናዋል፤ በጎዶት የተለመደው ገደብ 1.3 ሴል ነው፤ አንድ ሴል 25 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይ ሰያፍ ሆኖ በተሠራ ግድግዳ አካባቢ፣ ጠርዙ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው ሊጠጋ ይችላል። ሁሉም ጥግ ሰላም ሆኖ አንዱ ብቻ ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው።

አንዳንዱ ሠሪ ለጠላቱ አካል ከካፕሱል ይልቅ ሳጥን ይመርጣል፤ ምስሉ ሰፋ ያለ ከሆነ ሳጥን ይስማማዋል ብሎ። ሳጥን ከመሐሉ እስከ ጎኑ 0.5 ከሆነ እስከ ማዕዘኑ 0.7 ሜትር ነው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያልፋል፤ ጥግ ላይ ሲዞር ማዕዘኑ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ሳጥን የለበሰ ጠላት ጥግ ላይ ቢቀር ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

«እንግዲያውስ የመድረሻውን ርቀት ወደ ዜሮ ላስጠጋው» የሚል ይኖራል። ይህም ወደ ሌላው ገደል ይከታል። በሴኮንድ 4 ሜትር የሚሮጥ ጠላት በአንድ ዝላይ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ርቀቱ ከዚህ ግማሽ ካነሰ ነጥቡን ዘሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ዘሎ ያልፈዋል። ከሩቅ ሲታይ ጥጉ ላይ እየተንቀጠቀጠ የቆመ ጠላት ነው፤ ግድግዳ ግን አልነካም። በሴኮንድ 12 ሜትር የሚበር አውሬ ከሆነ ዝላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን የርቀቱ ዝቅተኛ ገደብም ከፍ ይላል።

ሌላም ስውር ነገር አለ። ርቀቱ የሚለካው በሦስት አቅጣጫ፣ ከፍታን ጨምሮ ነው። የጠላቱ መነሻ ነጥብ እግሩ ሥር ሳይሆን ወገቡ ላይ ከተቀመጠ፣ ማለትም ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ማለፊያው ነጥብ አናት ላይ ቢቆም እንኳ ርቀቱ ወደ 1 ሜትር ነው። 0.3 ብሎ የጠየቀ ሰው መቼም አያገኛትም፤ ጠላቱም የመጀመሪያው ጥግ ላይ እየተሽከረከረ ይቀራል። ርቀቱን ወደ 1.5 ያሰፋው ያ ሰው ምናልባት ያየው ይህን መርበትበት ነበር። መፍትሔው ርቀቱን ማስፋት ሳይሆን መነሻውን ወደ እግር ማውረድ ወይም `path_height_offset` በሚባለው ቁጥር ከፍታውን ማካካስ ነው።

በሦስተኛ ወገን ደግሞ «ናቭሜሹ ከግድግዳ የሚቆርጠውን ስፋት ላብዛው፣ ጠላቱ ከጥግ ይራቅ» የሚል አለ። ይህ በሜዳ ላይ ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ግን በሩን ይዘጋዋል። 1.2 ሜትር ስፋት ካለው በር ከሁለቱም ወገን 0.5 ሲቆረጥ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ከአንድ ሴል ያንሳል። ካርታው ላይ በሩ ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ላይ ቁጥሩ ወደ ላይ ይጠጋጋል። 0.6 ብለን ብንጽፍ ሦስት ሙሉ ሴል፣ ማለትም 0.75 ይቆረጣል። በሩ የጠፋበት ጠላት ተጫዋቹ ወዳለበት የቀረበውን ነጥብ ፈልጎ ግድግዳ ሥር ይቆማል። እሱም «ጥግ ላይ ቀረ» ይባላል፤ በሽታው ግን ሌላ ነው።

አንድ የተለመደ ስህተት ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በጎዶት መንገድ ተከታዩ ራሱ ላይም «ራዲየስ» የሚባል ቁጥር አለ። ብዙዎች ጠላቱ ጥግ ላይ ሲቀር እሱን ያሳድጉታል፤ ምንም አይለወጥም። ያ ቁጥር የሚያገለግለው ጠላቶች እርስ በርስ እንዳይጋጩ ብቻ ነው፤ መንገዱን አይነካም። መንገዱን የሚለውጠው ናቭሜሹ ሲሠራ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ካርታውም እንደገና መሠራት አለበት። በዩኒቲም እንዲሁ ነው። ወርዳቸው በጣም የሚለያይ ጠላቶች ካሉ፣ ለአይጥና ለዝሆን እንበል፣ ሁለት የተለያየ ካርታ መሥራት ግድ ነው።

እንግዲህ የትኛው በሽታ እንደሆነ እንዴት ይለያል? ቁጥር ከመነካካት በፊት ማየት ይቀድማል። የጎዶት «ዲበግ» ምናሌ ውስጥ የተጋጪ አካላትን ቅርጽና ናቭሜሹን የሚያሳዩ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ ተከታዩ ላይ ደግሞ `debug_enabled` ሲበራ መንገዱ በመስመር ይወጣል። ሦስቱንም አብርቶ ጠላቱ የቀረበትን ጥግ መመልከት ነው። መስመሩ በር ላይ ከተቋረጠ ካርታው ነው። ቀጣዩ ነጥብ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ጠላቱ ወዲህ ከሆነ የመድረሻው ርቀት ሰፍቷል። ነጥቡ እግሩ ሥር ሆኖ ጠላቱ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ርቀቱ ጠብቧል ወይም ከፍታው ተሳስቷል። የካፕሱሉ ሽቦ ከካርታው ጠርዝ ወጥቶ ግድግዳውን ከነካ አካሉ ወፍሯል።

አንሪል የሚባለው መሣሪያ የመድረሻውን ጉዳይ በተሻለ መንገድ ይዞታል ብዬ አምናለሁ። ርቀትን ከመለካት በተጨማሪ ጠላቱ ነጥቡን አልፎት እንደሆነ ይጠይቃል። ነጥቡ ከሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ኋላ ከሆነ አልፎታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ዘሎ ቢያልፈው እንኳ ወደ ኋላ አይመለስም። ርቀቱን በድፍረት ማጥበብ የሚቻለውም እንዲህ ሲሆን ነው። ይህን ጥያቄ በጎዶት ኮድ ውስጥ በጥቂት መስመር መጨመር ይቻላል፤ ፈጣን ጠላት ላለው ጌም ልፋቱ አይቆጭም።

ያም ሆኖ ማንም ሠሪ ሁሉንም ጥግ አስቀድሞ አያይም። ተጫዋቹ በርሜል ገፍቶ መንገድ ላይ ሊያቆም ይችላል፤ ናቭሜሹ ስለ በርሜሉ አያውቅም። ስለዚህ የመጨረሻው መከላከያ ጠላቱ መቅረቱን ራሱ እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

```gdscript
if get_position_delta().length() < 0.02:
    stuck += delta
else:
    stuck = 0.0
if stuck > 0.5:
    agent.target_position = agent.target_position
    stuck = 0.0
```

በዝላይ 7 ሳንቲ ሜትር መሄድ የነበረበት ጠላት ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች እየሄደ ግማሽ ሴኮንድ ከቆየ፣ መንገዱ እንደገና ይሰላ ማለት ነው። ግቡን በራሱ መተካት ትርጉም የለሽ ይመስላል፤ ጎዶት ግን ግቡ ባይለወጥም እንኳ አዲስ መንገድ ያወጣል። አንሪል ይህን መሰል ጥበቃ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፤ በየግማሽ ሴኮንዱ ቦታውን እየመዘገበ፣ 10 ምዝገባዎች በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከተከማቹ ጠላቱ ታግዷል ብሎ ጉዞውን ያቋርጣል። አምስት ሴኮንድ ማለት ነው፤ ለተኩስ ጌም ረጅም ጊዜ ነው።

ይህ ጥበቃ ግን ፈውስ አይደለም። የአጥሩን ምሳሌ ማስታወስ ይበቃል፤ የመድረሻው ርቀት ሳይስተካከል መንገዱን ደጋግሞ ማስላት ጠላቱን ዘብ ጠባቂ ያደርገዋል እንጂ አጥሩን አያሻግረውም። ስለዚህ ጌም የምትሠሩ ወጣቶች፣ የማስተካከያ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው፦ የተቆረጠውን ስፋት፣ የአካሉን ጎንና የመድረሻውን ርቀት። አካሉም ርቀቱም ከስፋቱ ማነስ አለባቸው። ካላነሱ መጀመሪያ እነሱን አስተካክሉ።